ስሕተቱ ወዴት ይወስዳል?

ባለፈው ሰሞን በተማሪዎቼ ፊት አፍሬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ለታሪክ ክለሳ ብዬ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ በፓወርፖይንት የጥያቄና መልስ ስላይድ አዘጋጀሁ። ተማሪው ልክ የሆነውን መልስ ሲጫን ወደ አንድ ገጽ፣ ሲሳሳት ደግሞ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ ወደ ኮምፒዩተሩ ቀረበች፤ ስታመነታም ሳታስበው ባዶውን ቦታ ተጫነች። ወዲያው ግድግዳው ላይ «ጎበዝ! ልክ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ምንም ሳትመልስ! ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከእርሷ ቀጥሎ የመጣው ልጅማ ምሥጢሩ ስለ ገባው፣ ባዶ ቦታ እየተጫነ እንደ ሊቅ አለፈ።

እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እንደ ፈለግሁት ልንገርዎ። የማስተምርበት ቤት ከካዛንቺስ ብዙ አይርቅም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ። አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ ግን ትምህርት ቤታቸውን አልለቀቁም፤ ሁለት ታክሲ ይዘው እስኪደርሱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልቅባቸዋል። እነዚህ ልጆች ያመለጣቸውን ለብቻቸው፣ አስተማሪ አጠገባቸው ሳይቆም የሚከልሱበት ነገር ያስፈልጋቸዋል። «ልክ» እና «ስሕተት» ብቻ የሚል ማሽን ግን አይረዳቸውም፤ የት ላይ እንደ ሳቱ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ከኮምፒዩተሩ በፊት በወረቀት እንጀምር። ጥያቄዬን ከሰፈራችን ወሰድሁ፤ «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአፍሪካ አዳራሽ የተፈረመው በስንት ዓ.ም. ነው?» ምርጫዎቹም ሀ. 1950፣ ለ. 1953፣ ሐ. 1955፣ መ. 1963 ናቸው። መልሱ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ስለ ሆነ ሐ ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን እንዲያው የተወረወሩ ቍጥሮች አይደሉም። 1950 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመበት ነው፤ ይህን የመረጠ ልጅ ሁለቱን ድርጅቶች አደባልቋል። 1953 አዳራሹ የተመረቀበት ነው፤ ይህን የመረጠ ሕንፃውንና ስብሰባውን አንድ አድርጓል። 1963ን የመረጠ ደግሞ ታሪኩን ሳያውቅ አልቀረም፤ የሳተው የፈረንጁን ዘመን ወደ እኛ ሳይመልስ በመቅረቱ ነው። ሦስቱ ልጆች ሦስት ዓይነት ሰዎች ስለ ሆኑ ሦስት የተለያየ ምክር ይገባቸዋል።

ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ አምስት ስላይድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጥያቄው፣ አንዱ የልክ መልስ ገጽ፣ ሦስቱ የስሕተት ገጾች። ለአሥር ጥያቄ ኀምሳ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ከበዛብዎ አንድ የስሕተት ገጽ ለሁሉም ሊያገለግል ይችላል፤ በዚያ ገጽ ላይ ያለውን የመመለሻ ቍልፍ «Last Slide Viewed» ከሚለው ጋር ካያያዙት ልጁን ወደ መጣበት ጥያቄ ይመልሰዋል። ሆኖም እንዲህ ያለው ገጽ «ተሳስተሃል፤ እንደ ገና ሞክር» ከማለት በቀር ሌላ ሊናገር አይችልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ አምስቱንም ስላይዶች ጽፈው ይጨርሱ፤ ገጹ ሳይኖር መንገድ አይጠረግምና። ከዚያም በጥያቄው ስላይድ ላይ ለእያንዳንዱ ምርጫ አራት ማዕዘን ሥዕል ሥለው መልሱን በውስጡ ይጻፉ። የሥዕሉን ጠርዝ ተጭነው ይምረጡና «Insert» ከሚለው ውስጥ «Action»ን ይክፈቱ፤ «Hyperlink to» የሚለውን መርጠው፣ ከዝርዝሩ «Slide...» ካሉ በኋላ የሚሄድበትን ስላይድ ያመልክቱ። በስሕተት ገጾቹ ላይ «ተመለስ» የሚል ቍልፍ ወደ ጥያቄው፣ በልክ ገጹ ላይ «ቀጥል» የሚል ቍልፍ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያያይዙ።

ጠርዙን ይጫኑ ያልሁዎ በከንቱ አይደለም። ፊደሎቹን ብቻ መርጠው ቢያያይዙ ጽሑፉ ከሥሩ ይሰመርበታል፤ ልጁም በትክክል ፊደሉ ላይ ካልተጫነ አይሠራም። ከዚህም የባሰ አለ፤ አንድ ጊዜ የተጫኑት ጽሑፍ ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ ተከታዩ ተማሪ ሲመጣ የቀደመው የነካውን ያይበታል። ሥዕሉ ላይ የተያያዘ ግን ቀለም አይለውጥም።

ምክሩ አጭር ሲሆን ወደ ሌላ ገጽ መሄድም አያስፈልግም። ምክሩን እዚያው በጥያቄው ስላይድ ላይ ይጻፉና የመታያ አኒሜሽን ይስጡት፤ ቀጥሎ በ«Animations» ውስጥ «Trigger»ን፣ ከዚያም «On Click of»ን ከፍተው ምክሩን የሚጠራውን ሥዕል ይምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ አራቱም ሥዕሎች ስማቸው ስለሚመሳሰል ግን ይምታታብዎታል። አስቀድመው Alt+F10 ተጭነው የስሞቹን ዝርዝር ያውጡና «መልስ ሀ»፣ «መልስ ለ» እያሉ ይሰይሟቸው።

እኔን ያሳፈረኝስ ምን ነበር? ፓወርፖይንት በልማዱ ባዶ ቦታ ሲጫኑት ወደ ሚቀጥለው ስላይድ ይሄዳል፤ የእኔም ከጥያቄው ቀጥሎ የተቀመጠው የልክ ገጽ ነበር። መድኀኒቱ «Slide Show» ውስጥ ነው። «Set Up Slide Show»ን ከፍተው «Browsed at a kiosk (full screen)» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት እርስዎ ያያያዟቸው ሥዕሎች ብቻ ናቸው፤ ባዶው ቦታም ቀስቱም ዝም ይላሉ። ልጁ ሊወጣ የሚችለው Esc ተጭኖ ነው። እንግዲህ አንድ «ቀጥል» እንኳ ማያያዝ ቢረሱ ተማሪው እዚያ ገጽ ላይ ታስሮ እንደሚቀር አይዘንጉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቅጂ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ገልብጠው ሁለተኛውን ሲሠሩ፣ ጽሑፉን ቢለውጡትም ሥዕሎቹ የሚያመለክቱት የመጀመሪያውን ጥያቄ ገጾች ነው። ስለ ዐድዋ የተጠየቀ ልጅ ስለ አፍሪካ አዳራሽ ምክር ሲሰጠው ካዩ ነገሩ ይህ ነውና፣ እያንዳንዱን መልስ እንደ ገና ያያይዙ። ሲፈትሹም ልክ መልሶቹን ብቻ አይሞክሩ፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ አስቀድመው ሦስቱን ስሕተቶች ይጫኑ። የአስተማሪ እጅ ሳያውቀው ወደ ልኩ ስለሚሄድ፣ የተበላሸው ሁልጊዜ በስሕተቱ በኩል ተደብቆ ይቀራል።

ይህ ሥራ አንድ የማይችለው ነገር አለ፤ ማክሮ ካልተጻፈለት በቀር ነጥብ አይቈጥርም፤ ማን ምን እንደ መረጠም አያስታውስም። እኔ መላ ያልሁት በእርሳስ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የመረጣትን ፊደል፣ ከመጫኑ በፊት በቍራጭ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳይ በአፍሪካ አዳራሹ ጥያቄ ብዙዎቹ መን ጽፈዋል። ልጆቼ ታሪኩን አላጡትም፤ የጎደላቸው ዘመን መመለስ ነው። በማግሥቱ ስለ ቻርተሩ አልደገምሁም። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ሲበልጥ፣ ግንቦት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው።

ያቺ በባዶ ቦታ የተጨበጨበላት ልጅም ከፊት ተቀምጣ ነበር። «ጋሼ፤ እንግዲያስ 1963 ሲቀነስ 8 ነዋ!» አለች። በዚህ ጊዜ «ልክ ነው» ያልኋት እኔው ራሴ ነኝ።