ስጦታው ሲደርስ የከፈለው ማን ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ካፖርት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ወፍራምና ሞቃት፣ ኮፍያም አለው። የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ስጦታው የተሰጣት አክስቴም ከፍላበታለች። ይህን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነው።

አክስቴ የምትኖረው በጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ነው። እኔ ያደግሁት አሜሪካ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ቤተሰቡ ሁሉ አክስቴን «እታለም» እያለ ይጠራታል። እታለም ሆቴል ውስጥ ክፍሎች ታጸዳለች። በክረምት ገና ሳይነጋ ከቤት ትወጣለች፤ አውቶቡስ የምትጠብቀውም በጨለማ ነው። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ 60 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ «ጥሩ ካፖርት ልግዛላት» ብዬ አሰብኩ።

ካፖርቱን ያገኘሁት በአንድ የአሜሪካ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ ነው። ዋጋው በዩሮ ሲታሰብ 160 ነበር፤ ማድረሻው ደግሞ 40 ዩሮ። «ይህ ስጦታ ነው» የሚል ሳጥን ነበረ፤ ምልክት አደረግሁበት። ሱቁ በሚያምር ወረቀት ጠቀለለልኝ፤ ዋጋው እንዳይታይም ደረሰኙን ከጥቅሉ ውስጥ አወጣልኝ። እኔም ለማንም ሳልናገር ዝም አልኩ። ድንገት ደርሶ እንዲያስደስታት ፈልጌ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ጥቅሉ የት እንደደረሰ በስልኬ ስመለከት «ጉምሩክ ይዞታል» ይላል። ጉምሩክ ማለት ከውጭ አገር የሚገባውን ዕቃ የሚመረምርና ግብር የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት ነው። በጀርመንኛ ስሙ ዞል ይባላል። ዞል ለእታለም ደብዳቤ ልኮላት ነበር። ደብዳቤው «ከአሜሪካ ዕቃ መጥቶልሻል፤ የተገዛበትን ደረሰኝና የተከፈለበትን ማስረጃ ይዘሽ ነይ» የሚል ነው። እሷ ግን ምንም አላዘዘችም። «አጭበርባሪዎች ናቸው» ብላ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በዚህ ጊዜ ለልጇ ደወልኩና ምስጢሬን ነገርኩት። ደረሰኙ የነበረው በእኔ ኢሜይል ውስጥ ብቻ ነው። ላክሁለት፤ አተመው። እታለም ግማሽ ቀን ከሥራ ቀርታ፣ ደረሰኙን ይዛ ጉምሩክ ሄደች። ማታ ደወለችልኝና «ተባረኪ ልጄ፣ ልክክ ብሎልኛል!» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከወራት በኋላ ልጇ እየሳቀ «የልደት ስጦታዋን ራሷ 66 ዩሮ ከፍላ አወጣችው» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ታዲያ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ጉምሩክ የሚያስበው በካፖርቱ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማድረሻውንም ይጨምራል። ስለዚህ 160 እና 40 ተደምሮ 200 ዩሮ ሆነ። በመጀመሪያ ቀረጥ አለ። ቀረጥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈል ግብር ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ለእንዲህ ያለ ካፖርት 12 በመቶ ነው። የ200 ዩሮ 12 በመቶ 24 ዩሮ ነው። ቀጥሎ የጀርመን ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ እሱ 19 በመቶ ነው። ይህ ታክስ የሚታሰበው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ፣ ማለትም በ224 ዩሮ ላይ ነው። 42 ዩሮ ከ56 ሳንቲም ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 66 ዩሮ ከ56 ሳንቲም ነው።

በዚያን ጊዜ የዕቃው ዋጋ ብቻውን ከ150 ዩሮ ባይበልጥ ኖሮ ቀረጡ ይቀር ነበር፤ ታክሱ ግን አይቀርም። ይህን የ150 ዩሮ ገደብ ለማንሳት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2025 ተስማምተዋል። ስለዚህ በድሮ ወሬ አትመኑ፤ በምትገዙበት ቀን የተቀባዩን አገር የጉምሩክ ድረ ገጽ ተመልከቱ።

«ስጦታ እኮ ነው! ስጦታም ግብር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። መልሱ የሚገኘው «ስጦታ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ለእኛ ስጦታ ማለት በፍቅር የተሰጠ ነገር ነው። ለጉምሩክ ግን ስጦታ ማለት አንድ ሰው ከቤቱ ለሌላ ሰው ያለ ክፍያ የላከው ዕቃ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለ ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ድረስ ከግብር ነጻ ነው፤ በብሪታንያ እስከ 39 ፓውንድ። የእኔን ካፖርት የላከው ግን ሱቅ ነው። ሱቅ የላከው ዕቃ፣ ገንዘቡን የከፈለው ማንም ቢሆን፣ በጉምሩክ ዓይን የተሸጠ ዕቃ ነው። እኔ ምልክት ያደረግሁባት ሳጥን ወረቀቱን አሳመረች እንጂ ግብሩን አልቀነሰችም። እንዲያውም ደረሰኙን አስወጥታ እታለምን አንከራተተቻት።

አንድ ጓደኛዬ «ሱቁ ዋጋውን 20 ዩሮ ብሎ እንዲጽፍ ለምን አልጠየቅሽም?» አለችኝ። ይህ ሐሰት ነው፤ የሚጠየቀውም በመጨረሻ ተቀባዩ ነው። ደግሞም ዕቃው ቢጠፋ ካሳው የሚከፈለው በተጻፈው ዋጋ ነው። የ160 ዩሮ ካፖርት ጠፍቶ 20 ዩሮ መቀበል ማን ይወዳል?

እንግዲህ ከውጭ አገር መላክ የግድ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግብሩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እዩ። አንዳንድ ሱቆች ግብሩን አስቀድመው ከገዢው ይቀበላሉ። እንዲህ ሲሆን በመላኪያው ዝርዝር ላይ DDP የሚሉ ፊደላት ታያላችሁ። DAP የሚል ካያችሁ ግን ግብሩ የሚጠበቀው ከተቀባዩ ነው። ዕቃውን በር ድረስ የሚያመጣው ድርጅት ግብሩን ከፍሎ ከሆነም፣ ለራሱ የአገልግሎት ዋጋ ጨምሮ ያስከፍላል። ገጹ ላይ ምንም ካልተጻፈ፣ ተቀባዩ ይከፍላል ብላችሁ አስቡ፤ ለተቀባዩም አስቀድማችሁ ንገሩ። ደረሰኙንም በዚያው ቀን ላኩለት። ድንገተኛ ደስታ ጥሩ ነው፤ ድንገተኛ ሒሳብ ግን አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ዕቃው ድንበር እንዳይሻገር ማድረግ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ለእታለም ቦት ጫማ የገዛሁላት ጀርመን ውስጥ ካለ ሱቅ ነው። ከጀርመን ወደ ጀርመን ጉምሩክ የለም። ከፈረንሳይ ወይም ከኔዘርላንድስ ቢላክም የለም፤ ሁሉም በአንድ ኅብረት ውስጥ ናቸውና። ከለንደን ቢሆን ግን አለ፤ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ከእንግሊዝ የሚመጣ ጥቅል በጉምሩክ ያልፋል። ስዊዘርላንድም ጎረቤት ብትሆን ከኅብረቱ ውጭ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የድረ ገጹ አድራሻ በ .de ስለጨረሰ ብቻ ዕቃው ጀርመን አለ ማለት አይደለም። በትልልቅ የገበያ ድረ ገጾች ላይ ብዙ ሻጮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዕቃውን የሚልኩት ከእስያ ነው። «ከየት ይላካል» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ይደርሳል የተባለው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከሆነ ዕቃው ቅርብ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ከተባለ ግን ተጠራጠሩ። የጀርመን ሱቆች ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ስማቸውንና አድራሻቸውን Impressum በሚባል ገጽ ላይ ይጽፋሉ። ይህ ገጽ ከሌለ እኔ አልገዛም።

ቦት ጫማው ድንበር አልተሻገረም፤ ግን እሱም መጀመሪያ አልደረሰም! ለምን? አድራሻው ላይ የጻፍሁት «እታለም» ብዬ ነው፤ ከኋላው ደግሞ የእኔን የአባት ስም ጨመርኩ። በጀርመን አገር በአድራሻ ላይ የአፓርታማ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ፖስተኛው የሚፈልገው በበሩ ደወልና በፖስታ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። እዚያ የተለጠፈው ደግሞ በፓስፖርቷ ላይ ያለው ስሟና የአባቷ ስም ነው። «እታለም» የሚባል ሰው በዚያ ሕንጻ ውስጥ የለም። ጫማው ወደ ሱቁ ተመለሰ።

አፈርኩ። አክስቴን ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቃት፣ የመዝገብ ስሟን ግን በፊደል በትክክል መጻፍ አልችልም ነበር። ደወልኩና «እታለም፣ ደወልሽ ላይ ስምሽ እንዴት ነው የተጻፈው?» አልኳት። ሳቀችና «ቆይ፣ ልውረድና ልየው» አለች። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በላቲን ፊደል የተጻፈው እኔ ከምገምተው በሁለት ፊደል ይለያል። እንደ ፎቶው ጻፍኩት፤ በሦስተኛው ቀን ጫማው እጇ ገባ። ሰፍቷት ስለነበርም በዚያው ሳምንት መልሳ በሌላ ቁጥር ተቀየረላት። ካፖርቱ ሰፍቷት ቢሆን ኖሮ ወደ አሜሪካ መመለስ ነበረበት።

የእናንተ አክስት ወይም አያት ሌላ አገር ትኖር ይሆናል፤ ቁጥሮቹም ሌላ ይሆናሉ። በአሜሪካም ቢሆን እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ደንብ በኦገስት 2025 ቆሟል። ስለዚህ ለእኛ ከውጭ የሚልኩልን ዘመዶችም ይህንኑ ማወቅ አለባቸው። ከመክፈላችሁ በፊት «ዕቃው የሚነሳው ከየትኛው አገር ነው? ድንበር ከተሻገረ ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው? ደወሉ ላይ ያለው ስም ማን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እታለም ካፖርቱን ዛሬም ትለብሰዋለች። ባለፈው ስንደዋወል 66 ዩሮውን ልመልስልሽ አልኳት። «ምን ነካሽ፣ ልጄ? ሙቀቱን እየከፈልሽኝ አይደለም እንዴ!» ብላ ስልኩን ለልጇ ሰጠችው።