ቀብድ ከአንድ ሰው ብቻ ይወሰድ፦ ስለ ቤት ኪራይ መልእክት የወጣ የአቋም መግለጫ

ጎንደር ውስጥ ማራኪ ወይም አዘዞ አንድ ክፍል ቤት ተለቀቀ ሲባል ጠያቂው ይበዛል። አከራዩ ጥቂቶቹን ይመርጥና በስልክ መልእክት ይልካል፦ «የመታወቂያ ኮፒ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ዋስ፣ 3,000 ብር መያዣ እስከ ነገ። ቀድሞ ያስገባ ይወስዳል።» እኛ የተከራይ ማኅበር አባላት ይህን መልእክት እንቃወማለን።

ጭቅጭቁ የሚነሳው «መያዣ» ከሚለው ቃል ነው። ለበርና ለመስኮት ጉዳት ነው? የቅድሚያ ኪራይ ነው? ወይስ ቀብድ? ቀብድ ከሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይገዛዋል። ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ሐሳቡን ሲለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

ለምሳሌ አንዲት መምህርት ከደባርቅ ተነሥታ ወርኃዊ ኪራዩ 6,000 ብር ለሆነ ቤት 3,000 ብር ቀብድ ብትልክ፣ አከራዩም ቤቱን ለሌላ ቢሰጥ፣ የሚመልስላት 6,000 ብር ነው። ከሦስት ሰው ተቀብሎ ከሆነ ለሁለቱ በድምሩ 12,000 ይከፍላል። ብዙዎች ግን «ቤቱ ተያዘ» ተብሎ የሰጡት ብቻ ሲመለስላቸው አመስግነው ይሄዳሉ። ማስረጃም የላቸውም፤ በእጅ የተሰጠ ብር ደረሰኝ የለውም። በባንክ ሲላክ በምክንያቱ ቦታ «ለቤት ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ።

ቀብዱ ከመጀመሪያው ኪራይ ይታሰብ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ከልክሏል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ቢሆንም ልኩ ለጎንደርም ይበቃል እንላለን። በምሳሌያችን ጣሪያው 12,000 ብር ስለሆነ፣ ቀብድ የሰጠች 9,000 ብቻ ትጨምራለች።

ሰነዱን በተመለከተ፣ ለምርጫ መታወቂያ አይቶ መመለስ ይበቃል። ኮፒና ዋስ ቤቱ ለተፈቀደለት ብቻ ይጠየቅ፤ ዋናው መታወቂያ ግን በማንም እጅ አይቆይ። ዋስ ሥራውን ጥሎ የሚመጣ ሰው ነው፤ ለማይገኝ ቤት ሦስት ዋስ ማንከራተት ነውር ነው።

«እስከ ነገ» ቀነ ገደብ አይደለም። ቅዳሜ ማታ የተላከ «ነገ» እሑድ ነው፤ ከደባርቅ ወይም ከዳባት የሚመጣ ሰው ቤቱን አይቶ፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቆ ለመወሰን ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ያስፈልገዋል።

አከራዮች መልእክቱን ለአንድ ሰው ብቻ፣ እንዲህ አድርገው እንዲልኩ እንጠይቃለን፦ «ቤቱን ለእርስዎ ይዤዋለሁ። ኪራይ 6,000፤ ቀብድ 3,000፣ ከመጀመሪያው ክፍያ ይታሰባል። እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ካልላኩ ለቀጣዩ እሰጣለሁ። መታወቂያና ዋስ ውል ስንፈራረም ይዘው ይምጡ።»