የመንዝ ብርድ፣ የአያት ባና እና የሰማንያ ቀኗ ሕፃን

ለክርስትና ወይም ለበዓል ጨቅላ ልጅ ይዛችሁ ወደ ደጋ አገር የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። እኔም ባለፈው ታኅሣሥ ከዘመዶቼ ጋር ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁና ሐሳቤን ላካፍላችሁ።

የአጎቴ ልጅና ባለቤቱ ሴት ልጃቸውን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሊያስነሱ ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ፣ መንዝ ወሰዷት። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አያቷ ገና ሳንደርስ ባናውን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። ባና ለማታውቁ፣ ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራምና ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ማታ ሕፃኗን በእናቷና በአያቷ መሀል፣ ከሥር አጎዛ፣ ከላይ ባና አድርገው አስተኟት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትየው ልታጠባት ስትነቃ ልጅቷ የለችም። ወደ ታች ተንሸራታ ባናው ሥር ገብታለች። ስትወጣ ፀጉሯ በላብ ረጥቧል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ደረቷ ይፋጃል፣ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገለጥ ሲያደርጓት በጥቂት ደቂቃ ተረጋጋች። አያቷ «ሞቋት ነው እኮ፣ ደህና እንቅልፍ ወስዷት ነበር» አሉ። እኔን ግን እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን? በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ፊቱ ሲሸፈን ወይም ለስላሳ ነገር ውስጥ ሲሰምጥ የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። አዋቂ ሰው አየር ሲያንሰው ይባንናል፣ ብርድ ልብሱንም ይገፋል። የሕፃን አንጎል ግን ያን የማንቃት ሥራ ገና በደንብ አልቻለበትም፣ እጁም ባና ለመግፋት አቅም የለውም። ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ እንቅልፉ ይከብድና መንቃቱ ይብስ ያዳግተዋል። ጤነኛ የነበረ ሕፃን ተኝቶ የሚቀርበት ድንገተኛ የሕፃናት ሞት የሚበዛው ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። የሴት ልጅ ክርስትና የሚውለው እዚሁ መሀል ነው። ስለዚህ ያቺ ሌሊት ቀላል ሌሊት አልነበረችም።

በማግስቱ ጠዋት ከአያቷ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የእሳቸው ፍርሃት ሁለት ነው። አንደኛው ብርዱ ነው፣ እውነታቸውንም ነው፤ ብርድ ጨቅላ ሕፃን ይገድላል። ሁለተኛው «በጀርባዋ ካስተኛኋት ወተቱ ትን ይላታል፣ በሆዷ ይሻላታል» የሚል ነው። ይሄን ከአዲስ አበባ እናቶችም በየቀኑ እሰማለሁ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «የትንፋሽ ቧንቧ ከፊት ነው፣ የምግቡ ከኋላ። በጀርባዋ ስትተኛ የትንፋሹ ከላይ ይሆናል፣ የምግቡ ከሥር። ወተት ከመጣ ወደ ላይ ወጥቶ ትንፋሹ ውስጥ ለመግባት ይከብደዋል፣ ወይ ትውጠዋለች ወይ ታስለዋለች። በሆዷ ስትተኛ ግን የትንፋሹ ከሥር ስለሚሆን ወተቱ ወደዚያው ይወርዳል።» በእጃቸው ሁለት ጣት አስይዤ አሳየኋቸው። አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ ከጀመረች በኋላ ድንገተኛው ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በጎን ማስተኛትም መፍትሔ አይደለም፤ ከጎን ወደ ሆድ መገልበጥ ቀላል ነው።

ብርዱስ? የኔ አቋም አጭር ነው፦ ሕፃን የሚሞቀው በለበሰው እንጂ በላዩ በተደረበው መሆን የለበትም። የለበሰችው ልብስ ፊቷ ላይ አይወጣም፤ ባና ግን ይወጣል።

ያን ማታ እንዲህ አደረግን። ወላጆቿ ታጣፊ የሕፃን አልጋ ይዘው መጥተው «አያቷ ጋ ምን ያደርጋል» ብለው መኪና ውስጥ ትተውታል። አወጣነውና ከእናትየው አልጋ አጠገብ፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ አቆምነው። ፍራሹ ስስና ጠንካራ ነው። አባትየው «ጎረበጣት» ብሎ ጋቢ አጥፎ ከሥር ሊያነጥፍ ሲል ከለከልኩት። ትክክለኛ የሕፃን ፍራሽ በመዳፍ ተጭነውት ሲለቁት ወዲያው ይመለሳል፤ ጭንቅላቱ ጎድጓዳ ቦታ አይሠራም። ዝርግ መሆን አለበት፣ በትራስ ከፍ ማድረግም የለም። በላዩ የተወጠረ አንሶላ ብቻ።

ልብሷ፦ ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ እግሯን ጭምር የሚሸፍን ቱታ፣ ከዚያ ሹራብ፣ በመጨረሻ ከደረት በታች እንደ ከረጢት የተዘጋ የሕፃን መኝታ ልብስ። ከረጢቱ ለሌላችሁ አንድ ተጨማሪ ወፈር ያለ ቱታ ይበቃል። መነሻችን፣ አዋቂ ሰው በዚያ ክፍል ያለ ብርድ ልብስ ምቾት እንዲሰማው ከሚለብሰው አንድ ድርብ መጨመር ነው። ኮፍያዋን ስትተኛ አወለቅን፤ ሕፃን ትርፍ ሙቀቱን የሚያስወጣው በብዛት በጭንቅላቱ ነው፣ ኮፍያውም ፊት ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

ከተኛች ከግማሽ ሰዓት በኋላ አያቷን ማጅራቷን እንዲዳስሱ ጠየቅኳቸው። እጇን ነክተው «ቀዝቅዛለች!» ብለው ነበር። የሕፃን እጅና እግር ግን ቀዝቀዝ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ማጅራትና ደረት ነው። ላብ ካለው ወይም ከፋጀ አንድ ድርብ ቀንሱ። ከቀዘቀዘ አንድ ጨምሩ ወይም ነቅታችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አሙቁ። ደረቱ ቀዝቅዞ ጡት አልጠባ ካለ፣ ወይም ከደከመና አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ካላችሁ ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የእሱ የሙቀት ፍላጎት ሌላ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ክርስትና ድግስ ነው፣ ጠላና አረቄ አለ። የጠጣ ሰው ሕፃን አጠገብ አይተኛ፤ ተገልብጦ ቢተኛባት አይሰማውም። ከሰልም ለማሞቂያ ብላችሁ በተዘጋ መኝታ ክፍል አታሳድሩ፤ ጭሱ ባይታይም ቤተሰቡን በሙሉ ይገድላል።

ይሄን ሁሉ ስል አያቶችን ለመውቀስ አይደለም። የከተማውም አልጋ ከባናው አይሻልም፦ ትራስ፣ በጎኑ የሚታሰር ስፖንጅ፣ አሻንጉሊት፣ ለስላሳ ብርድ ልብስ። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ለሕፃኑ ግን ያው ባና ነው፣ ዋጋው ብቻ ጨምሯል። የሕፃን አልጋ ባዶ ይሁን። ቀንም ሆነ ሌሊት፣ አንድ ዓመት እስኪሞላው በጀርባው አስተኙት፤ ራሱ ወዲያና ወዲህ መገልበጥ ከቻለ በኋላ ግን እንቅልፍ ላይ ሲገለበጥ መመለስ አይጠበቅባችሁም።

ባናውን ያን ማታ እናትየው ለብሳው አደረች። አያቷም ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስተው ማጅራቷን ዳሰሱ። ጠዋት «ልጄ፣ ሳትልብ ሞቃ አደረች» አሉኝ።

አራስ ላላት እህታችሁ፣ በተለይ ደግሞ ለአያቶች አንብቡላቸው።