ስለ ተፈናቀሉ ሕፃናትና በትምህርት ቤት ስለሚደረግ የቡድን ማጽናናት

ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተቀጣጠለው ጦርነት፥ ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ አውራጃዎች በተከታተለው ግጭት ምክንያት ከቀያቸው የተነቀሉ ሕፃናት በመቀሌም ሆነ በደሴ፥ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌሎች ከተሞች በትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ሲጠለሉ አይተናል። ክፍሎቹ ወደ ትምህርት ሥራቸው ሲመለሱ እነዚሁ ሕፃናት ተማሪዎች ሆነው ይገቡባቸዋል፤ በዚህን ጊዜም ቅን አሳቢዎች መጥተው በአንድ ክፍል ይሰበስቧቸውና ያዩትን እንዲናገሩ ወይም እንዲሥሉ ያደርጓቸዋል፤ ይህንንም የሚያደርጉት የተነገረ ኃዘን ከልብ ይወጣል ብለው ነው። እኔ ግን በትምህርት ቤት የሚደረግ የቡድን እርዳታ ሕፃኑን ሊያረጋጋው፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ሊያስተሳስረውና እንቅልፉን ሊመልስለት እንጂ፥ ያየውን መከራ በእኩዮቹ ፊት ሊያስተርከው አይገባም እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት፥ መከራ ገና የደረሰበትን ሰው በአንድ ስብሰባ አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ እንዲተርክ ማድረግን አይመክርም። ከዚህ እጅግ የተሻለ ጥንቃቄ የተደረገበት ሥራ እንኳ በየስፍራው እኩል ፍሬ እንደማይሰጥ በሁለት አገሮች ታይቷል። አምስት ሳምንት የሚፈጅ፥ አሥራ አምስት ጉባኤ ያለው፥ ጨዋታንና ሥዕልን አስቀድሞ ቀስ በቀስ ወደ ደረሰው ነገር የሚቀርብ አንድ የክፍል ውስጥ መርሐ ግብር በኢንዶኔዥያ በፖሶ አውራጃ ክርስቲያኖችና እስላሞች ከተጋጩ በኋላ ተሞክሮ፥ የሕፃናቱ ድንጋጤ ሲቀንስና ተስፋቸው ሳይጠፋ ሲቆይ ተገኘ፤ ይህም በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይኸው መርሐ ግብር ጦርነት ባደቀቀው በስሪላንካ ሰሜን ሲሠራበት ግን፥ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደ ተገለጸው፥ ለሕፃናቱ ሁሉ የሚሆን ጥቅም አልታየበትም፤ ይልቁንም እርዳታውን ያገኙት ሴቶች ልጆች ድንጋጤያቸው ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ያነሰ ቀለለላቸው። የሠለጠነ ሰው አምስት ሳምንት ደክሞ እንዲህ ያለ ውጤት ከገጠመው፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን አስለቅሶ የሚሄድ እንግዳ በምን ማስረጃ ይተማመናል?

የእኛም ባሕል በዚህ ጉዳይ አስተዋይ ነው። ኃዘንተኛ በአደባባይ ይጽናናል፤ ጎረቤት በለቅሶ ቤት አጠገቡ ይቀመጣል፥ ያበላዋል፥ አብሮት ያድራል፤ በልብ የተሰወረውን ለመናገር ግን ሰው ለብቻው ወደ ነፍስ አባቱ ይሄዳል፥ ነፍስ አባቱም ምሥጢሩን እንዲጠብቅ በሥርዓት ታስሯል። አሥራ አምስት ሕፃናት በተሰበሰቡበት ክፍል ግን ምሥጢር የሚጠብቅ የለም፤ አንዲት ልጅ በሰኞ ጉባኤ የተናገረችው ማክሰኞ በውኃ መቅጃው ይደገማል፤ ነገሩ ክብሯን የሚነካ ከሆነ ጉዳቱ ከእርዳታው ይበልጣል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ነገር ልትናገር የምትፈልግ ልጅ ለብቻዋ የምታነጋግራት አንዲት ሴት መምህር አስቀድማ ትታወቅ፤ በጉባኤው መካከል መናገር የጀመረችም እንደ ሆነ በለሰለሰ ቃል፦ «ይህን ከጉባኤው በኋላ ሁለታችን እናወራዋለን» ተብላ ትጠበቅ፥ ቃሉም ሳይውል ሳያድር ይፈጸም።

ታዲያ በጉባኤው ምን ይደረጋል? ዕድሜያቸው የተቀራረበ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚደርሱ ሕፃናት በሳምንት አንድ ቀን፥ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፥ ለአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይሰበሰባሉ፤ ሁለት መምህራንም ይኖራሉ፥ አንዱ ይመራል፥ ሌላው የልጆቹን ፊት ይመለከታል። ተፈናቃዮቹ ብቻ ተለይተው ቢጠሩ «ተፈናቃይ» የሚለው ስም በጨዋታ ሜዳ ስድብ ሆኖ ስለሚከተላቸው የአገሬው ልጆች አብረዋቸው ይግቡ። መክፈቻው ሕፃናቱ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት እንቆቅልሽ ቢሆን ከማንኛውም የባዕድ ጨዋታ ይሻላል፤ ጠያቂና መላሽ ስላለው ዝምተኛውም ልጅ ሳይገደድ ይሳተፍበታል። ቀጥሎ ትንፋሽን በዝግታ መሳብና ከሳቡበት በረዘመ ቁጥር ማስወጣት ይለማመዳሉ፤ ዓይን ግን አይጨፈን፥ ዓይኑን የጨፈነ ልጅ የሸሸውን ነገር ሊያይ ይችላልና ወለሉን ይመልከት።

ከዚህ በኋላ አንድ ትምህርት ብቻ ይሰጣል። ለምሳሌ ስለ ክፉ ሕልም በሚሰጠው ትምህርት መምህሩ ማንንም ሕልሙን አያስተርክም፤ እያንዳንዱ ሕልሙ እንዴት ቢያልቅ እንደሚወድ በልቡ እንዲያስብ፥ ከወደደም ያንን መጨረሻ ብቻ እንዲሥለው ያደርጋል፤ ማታም ከመተኛቱ በፊት ይኸንኑ መጨረሻ እንዲያስታውስ ይመክረዋል። በድምፅ መደንገጥ ሰውነት አደጋን ስለ ለመደ የሚያደርገው ነው እንጂ እብደትም የእምነት መጉደልም አለመሆኑን ይነግራቸዋል። ቤተሰቡ ጸበል ቢወስደው ወይም ዱዓ ቢያደርግለት መምህሩ አይቃወምም፤ ልጁ እንዳይታሰርና ምግብ እንዳይከለከል ግን አጥብቆ ያሳስባል። ማን ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ፥ የጦርነት ዘፈንና ወታደርና ጠላት የሚሆኑበት ጨዋታ በጉባኤው አይገቡም፤ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ወንበር በተቀመጡበት ክፍል ይህ ግድ ነው።

ነገር ሲበላሽ በምን ይታወቃል? አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ፥ በጉባኤው መካከል በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታው፥ ከዴስኩ ሥር ገብቶ ተጨማደደ እንበል። መሪው ጨዋታውን አያቋርጥም፤ ሁለተኛው መምህር አጠገቡ ዝቅ ብሎ፥ ከኋላ ሳይነካው፥ በስሙ ይጠራውና «የበረዶ ድምፅ ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ነን፤ እኔ አጠገብህ ነኝ» ይለዋል፤ እግሩን መሬት እንዲያስረግጥ፥ በክፍሉ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች እንዲቆጥር ያደርገዋል። ምን ትዝ እንዳለው አይጠይቀውም። ጉባኤው ሲያልቅ ብቻውን አይለቀውም፤ በማግሥቱም እናቱን አግኝቶ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ይጠይቃል። ፍርሃቱ በጥቂት ሳምንታት ካልቀነሰ፥ ወይም ልጁ መናገር ካቆመ፥ መብላት ካቃተው፥ ከጉባኤ ቀን በኋላ ከትምህርት መቅረት ከጀመረ፥ ቡድኑ አቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልጁ ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ራሱን ስለ መጉዳት የተናገረ ልጅ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ አይቆይም፥ ለአንድ ሰዓትም ብቻውን አይተውም።

ወላጆች በመጀመሪያና በመጨረሻ ቢጠሩ መልካም ነው፤ ልጃቸው የተማረውን የትንፋሽ ልምምድ ማታ አብረውት ቢሠሩ ከጉባኤው ይልቅ ይጠቅመዋልና። እናትም ራሷ ያለቀሰችበትን ለመናገር ቦታ ከፈለገች በሌላ ቀን ለብቻ ይሰጣት እንጂ በልጆቿ ፊት አይሁን።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራንና በጎ አድራጊዎች ሆይ፥ የመጀመሪያውን ጉባኤ ከመጥራታችሁ በፊት ወደ አካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ከቡድኑ አቅም በላይ የሆነውን ልጅ የሚቀበለው ሰው ማን እንደ ሆነ በስሙ ጠይቁ፤ ስሙን እስክታገኙ ድረስ ለሕፃናቱ የኳስ ጨዋታና የትምህርት ሰዓት ብቻ ስጧቸው።