ከመኪናው በፊት ሊብሬው

ያገለገለ መኪና ከባለቤቱ እጅ ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሻጩ የሚጽፈው ሁለት ጥያቄ ነው፤ «መኪናው እንዴት ነው?» እና «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?»። ለመጀመሪያው የሚመጣው መልስ «ንጹሕ ነው፣ መጥተህ እየው» ነው። ጥያቄው ምንም ስላልያዘ መልሱም ምንም አይዝም። በቅርቡ የእህቴ ልጅ ቪትዝ ሲፈልግ መልእክቱን አብረን ጻፍነው። መልሱን ከቦታው ስንደርስ በወረቀት ወይም በመኪናው ላይ ልናረጋግጠው የማንችለውን ጥያቄ ሁሉ አወጣነው። የቀረው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለሚሸጡት ቪትዝ ነው የምጽፍልዎ፤ ከመምጣቴ በፊት ጥቂት ልጠይቅዎ። ሊብሬው በማን ስም ነው? ኦሪጅናሉ እጅዎ ላይ አለ? የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት ዕገዳ ወይም ያልተከፈለ ቀረጥ አለበት? የዘንድሮው ቦሎ አለው? ቀለም የተነካው የት የት ነው፣ በምን ምክንያት? ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ተፈትቶ ያውቃል? መካኒክ ይዤ ብመጣ ይፈቅዳሉ? ስመጣ ሞተሩ ከሌሊት ጀምሮ ሳይነሳ ቢቆይልኝ ደስ ይለኛል።»

ወረቀቱን ያስቀደምነው ሆን ብለን ነው። የሞተር ጉድለት ገንዘብ ካለ ይጠገናል፤ ስሙ የማይዞር መኪና ግን ምንም ያህል ቢያምር የገዢው አይሆንም። ኦሪጅናሉ ሊብሬ ከሻጩ ዘንድ ከሌለና ያለው ፎቶ ኮፒ ብቻ ከሆነ፣ መኪናው በብድር ተይዞ ሊብሬው ባንክ ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ሲከፈል ነው፤ ርካሽ መስሎ የታየው ዋጋ እዚያ ላይ ይገለበጣል።

ከሻጩ የመጣው መልስ ትሑትና ግልጽ ነበር፤ «ሊብሬው በቀድሞው ባለቤት ስም ነው፣ እኔ ሙሉ ውክልና አለኝ።» ብዙ ገዢ «ሙሉ ውክልና» የሚለውን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። እኛ ግን ሦስት ጥያቄ አከልን። ውክልናው መሸጥንና ስም ማዛወርን ለይቶ ይጠቅሳል? የተሰጠው በቀጥታ ለእርስዎ ነው ወይስ በመሃል ሌላ ሰው አለ? ባለቤቱስ በሕይወት አሉ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ በሕይወት ካሉም ሊሽሩት ይችላሉ። ለዚህ ነው ጥያቄው ነውር የማይሆነው።

ከመልሱ እንደተረዳነው ባለቤቱ አሜሪካ ናቸው፤ ወንድማቸውን ወከሉ፣ ወንድምየው ደግሞ መኪናውን ለአሁኑ ሻጭ ሸጠው በተራቸው ወከሏቸው። የሰነዶቹን ፎቶ ሲልኩልን ለወንድምየው የተሰጠው ውክልና ሌላ ሰው ስለመወከል አንዲት ቃል አልነበረውም። ሻጩ አታላይ አልነበሩም፤ እሳቸውም የገዙት እንደዚያው ነው። መፍትሔው ባለቤቱ በኤምባሲ በኩል አዲስ ውክልና ልከው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ እዚህ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገቡ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅነው የመኪናውን በር ሳንከፍት ነው።

ስለ ቀለሙ «ተጋጭቷል?» ብለን አልጠየቅንም፤ ለዚህ «አይ» ማለት ቀላል ነው። «የት የት ተነክቷል?» ሲባል ግን ሰው ቦታ መጥቀስ አለበት። «የኋላ መከላከያ፣ ተጭሮ ነው» ካለ፣ መካኒኩ ሌላ በር ላይ ስቱኮ ቢያገኝ ወሬው ስለ ቀለም መሆኑ ይቀራል፤ ስለ ሰውየው ቃል ይሆናል።

የቀዘቀዘው ሞተር ነገር ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል። ሆኖም የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ በቫልቭ ጎማዎቹ የተንጠባጠበ ዘይት በመጀመሪያው ማስነሻ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ላይታይ ይችላል። ነጭ እንፋሎት ታይቶ ቢጠፋ የጭስ ማውጫው እርጥበት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መጠርጠር ይገባል። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ምክንያቱን ጠይቁና ሌላ ጠዋት ቅጠሩ። የተዳከመ ባትሪም፣ የሚንኳኳ ሞተርም ቀድሞ የሚታወቀው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።

ዋጋን በመልእክቱ ውስጥ አላነሳንም። ገና ያላያችሁትን መኪና «የመጨረሻ ስንት?» ብላችሁ ከቆረጣችሁ፣ መካኒኩ ያገኘውን ጉድለት ይዛችሁ ወደ ዋጋው መመለስ ይከብዳችኋል። የኋላ ጎማዎቹ ያለቁ፣ ፍሬን ሸራው የሳሳ ከሆነ የሁለቱን ወጪ ጠይቃችሁ ደምሩትና ከሻጩ ጋር ቁጥር የምትነጋገሩት ከዚያ ላይ ተነስታችሁ ይሁን።