አርባ ገጽ በሁለት ሌሊት

ወዳጆች፣ ዛሬ ፖለቲካውን ትንሽ አሳርፈን ስለ አንድ ደብተር እናውራ። ሎግቡክ ይሉታል። ለኢንተርንሺፕ የወጣ ተማሪ በየቀኑ የሠራውን የሚጽፍበት፣ የድርጅቱ ሱፐርቫይዘር የሚፈርምበት፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «ልጁ ተምሯል» ብሎ ነጥብ የሚሰጥበት ማስረጃ ነው።

እንዴት እንደሚሞላ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የእኔን ልናዘዝ። ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ሚዲያ ተመድቤ ሁለት ወር ቆየሁ። መጨረሻው ሳምንት ላይ በሁለት ሌሊት አርባ ገጽ ሞላሁ፤ ቀለሙ አንድ እንዳይሆን እስክሪብቶ እየቀያየርኩ። «ዛሬ በዜና አሠራር ጥሩ ልምድ አገኘሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አልቆጠርኩም። አለቃዬ ሻዩን እየጠጣ አርባውንም ፈረመልኝ። በኋላ ሥራ ፍለጋ ስገባ «የትኛውን ዜና ሠራህ?» አሉኝ። ደብተሩን ገለጥኩ፤ አንድም ዜና የለበትም።

ይህን ያስታወሰችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሆና አንድ የሕንፃ ሳይት ተመደበች። በሚያዝያ ወር አንድ ማታ ሎግቡኳን አሳየችኝ። ሚያዝያ 14 ላይ የሰፈረው ይኸው ነው፦ «ዛሬ የኮለን አርማታ ተሞላ። ስለ አርማታ ብዙ እውቀት አገኘሁ።» (ደብተሩ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ ነው።)

«ተሞላ? ማን ሞላው? አንቺ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ወንድም ጋሼ ደግሞ፣ የስላምፕ ቴስቱን እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት!» አለች ተቆጥታ።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አወራችኝ። ስላምፕ የአርማታው ቅጥነት የሚለካበት ነው። 300 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የብረት ሾጣጣ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር 25 ጊዜ በዘንግ ይወጋል፤ ከዚያ ሾጣጣው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሣና አርማታው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። የዚያን ቀን ሳይቱ የተፈቀደለት ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ነበር። የእሷ ግን 160 ወረደ። አርማታው ውኃ ሆኗል ማለት ነው፤ የበዛው ውኃ ደግሞ አርማታው ሲደርቅ ጥንካሬውን ይቀንሰዋል። ምክንያቱ ሲፈለግ ሌሊቱን ዘንቦ አሸዋው ርሷል፤ ሠራተኞቹ ግን ሚክሰሩ ውስጥ የጨመሩት የሌላውን ቀን ያህል ውኃ ነው። ሳይት ኢንጂነሩ ድብልቁን ወደ ጎን አስደረገው፤ ውኃው ተቀንሶ እንደገና ተቦካ፤ ሁለተኛው ልኬት 90 መጣ።

ይህ ሁሉ ታሪክ ደብተሩ ላይ «ብዙ እውቀት አገኘሁ» ሆኖ ቀርቷል።

አብረን እንደገና ጻፍነው። «ሌሊት ዘንቧል። ለ4 ኮለን ከተቦካው ሲ-25 አርማታ ላይ ስላምፕ ለካሁ፦ 160 ሚሜ፣ ከተፈቀደው በላይ። አሸዋው ርጥብ ስለነበር ውኃው ተቀነሰ። ሁለተኛ ልኬት 90 ሚሜ፣ ተሞላ። ሲሞላና ቫይብሬተር ሲደረግ ተመለከትኩ። ከሁለተኛው ድብልቅ 6 ኪዩብ ወሰድኩ፦ ሦስቱ በ7 ቀን፣ ሦስቱ በ28 ቀን ይሰበራሉ። ያልገባኝ፦ 28 ቀን የሚጠበቅ ከሆነ የ7 ቀኑ ለምን አስፈለገ?»

«ለካሁ» እና «ተመለከትኩ» መለየታቸውን ልብ በሉልኝ። ተማሪ ያየውን ሁሉ «ሠራሁ» ሲል ሱፐርቫይዘሩ ያውቃል፤ ለፊርማ የሚያቅማማውም ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። ይህ ገጽ ሌሎች ገጾችን ይጠራል። ሚያዝያ 21 ላይ የ7 ቀኑ ውጤት መግባት አለበት፤ ግንቦት 12 ላይ የ28 ቀኑ። ጥያቄውም መልስ ይፈልጋል።

በሁለት ሌሊት የተሞላ ሎግቡክ የሚጋለጠውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ አማካሪ መምህር እንዳጫወተኝ፣ አንዱ ተማሪ ግንቦት 10 አርማታ ሞልቶ ግንቦት 25 ላይ የ28 ቀን ውጤት ጽፏል። ሌላው ሚያዝያ 27፣ ሳይቱ ተዘግቶ በዋለበት የአርበኞች ቀን፣ ቀኑን ሙሉ ሶሌታ ሲያስሞላ ውሏል። ሲሚንቶ ቀርቶ ሥራ የቆመበት አንድም ቀን የሌለው ደብተርም ያጠራጥረኛል ይላል። እኔም እላለሁ፤ በእኛ አገር ሲሚንቶ የማይቀርበት ሳይት የት አለ?

«ማታ ደክሞኝ ምን ልጻፍ?» ይባላል፤ እውነት ነው። የአክስቴ ልጅ ያገኘችው ዘዴ ቀላል ነው። ኪሷ ውስጥ በምትይዘው ትንሽ ደብተር ላይ እዚያው ሳይቱ ላይ በአማርኛ ትጭራለች፦ «160፣ አሸዋ ርጥብ፣ 90፣ ኪዩብ 6»። ማታ ወደ እንግሊዝኛ ትገለብጠዋለች። አንድ ነገር ልድፈርና፣ «ብዙ እውቀት አገኘሁ» የሚለው ግማሹ የስንፍና ሳይሆን የእንግሊዝኛ ችግር ይመስለኛል። ሰው ቃሉ ሲያጥረው የታወቀውን ዓረፍተ ነገር ይደግማል። ቁጥር ግን ትርጉም አያስፈልገውም።

ፊርማው ላይ እንቅፋት አልጠፋም። ሳይት ኢንጂነሩ ገጹን ሲያይ «ይቺ 160 ትውጣ፤ ድርጅቱን ታስጠይቃለች» አለ። ልጅቷ ደንግጣ ደወለችልኝ። ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም፤ ደብተሩ ከሳይቱ ወጥቶ የሚሄድ ወረቀት ነው። ማን እንዳጠፋ መጻፍ የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ፎርማኑንም ሆነ ድርጅቱን መውቀስ አያስፈልግም። ቁጥሩን ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። እሷም ያደረገችው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነው፦ «የመጀመሪያው ድብልቅ ለኮለን አልዋለም።» ይህ ሲጨመር ገጹ ሳይቱ ቁጥጥር እንዳለው የሚመሰክር ሆነ፤ ኢንጂነሩም ፈረመ። ድብልቁ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ መንገዱ ከመጻፍ በፊት ለዩኒቨርሲቲው አማካሪ መንገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘወትር ቅዳሜ የሳምንቱን ገጾች ብቻ ይዛ ትሄዳለች። ስድስት ገጽ አንድ ሰው ቆሞ ያነበዋል፤ ስልሳ ገጽ ግን የሚፈረም እንጂ የሚነበብ አይደለም። ኢንጂነሩ ጥያቄዋን አንብቦ ኅዳጉ ላይ በእጁ መለሰላት፦ በ7 ቀን ከሙሉ ጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ካልደረሰ፣ ሌላ ፎቅ ሳይጫንበት ቶሎ ይታወቃል። ሚያዝያ 21 አማካዩ 17.8 ሜጋ ፓስካል መጣ። ግንቦት 12፣ 27.1።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ለቀኑ ሥራ ሁለት መስመር ቦታ የሰጠ ቅጽ አትመው ሁለት መስመር ሲጻፍላቸው ይገርማቸዋል። ማጠቃለያ ሪፖርቱንና ስላይዱን አይተው ደብተሩን ሳይገልጡ ነጥብ የሚሰጡም አሉ።

የእሷ አማካሪ ገለጠው። ግንቦት 12ን አገኘ፤ ወደ ሚያዝያ 14 ተመለሰና «160 ለምን መጣ?» አላት። ስለ አሸዋው ነገረችው። «አሸዋው ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ለካችሁ?» አላት። አልለካንም አለች። ስለዚያ ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ ያዘጋጀችው ስላይድ ሳይከፈት ሰዓቱ አለቀ።