የበጀት ጥያቄ በአንደበት ይረታልን? ለተለመደ አስተያየት የቀረበ ምላሽ

በመሥሪያ ቤቶቻችን በሚሰጡ የአመራርና የተግባቦት ሥልጠናዎች ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አስተያየት አለ። አነስተኛ የሥራ ማሻሻያ ይዞ የበላይ ኃላፊዎች ፊት አምስት ደቂቃ የተሰጠው ባለሙያ ገንዘቡን የሚያስፈቅደው በአቀራረቡ ነው ይባላል። ልብ በሚነካ ታሪክ ይጀምር፣ የችግሩን ግዝፈት ያሳይ፣ ሐሳቡን ከአገራዊ ዕቅድ ጋር ያያይዝ፣ የብሩን መጠን ግን ሰሚው ከተማረከ በኋላ በስተመጨረሻ ያንሳ የሚል ነው ምክሩ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ለዚህ ምክር ባህል በምስክርነት ይጠራለታል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ሰዉ በበላ ልበልሃ ሲሟገት የኖረ ነው፣ ስለዚህ ንግግር ያወቀ ይረታል ይባላል።

ምክሩም ምስክሩም የሚያስኬዱ አይመስለኝም። ከምስክሩ ልጀምር። የበላ ልበልሃ ተሟጋች በእርግጥ አንደበቱን አሳምሮ ይቀርብ ነበር፤ ዳኛውም ታዳሚውም በንግግሩ ይደሰቱ ነበር። ሙግቱ ግን በውርርድ ይታሰርና በምስክር ይቆረጥ ነበር። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ብድሩ ተከፍሎ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ካልመሰከረ የተዋበ ንግግር ብቻውን ርስት አላስመለሰም። አንደበት ለተሟጋቹ ያስገኝለት የነበረው የሚሰማ ጆሮ ነው። ያ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፍርዱ ግን ከሌላ ቦታ ይመጣ ነበር። ባህላችንን በምስክርነት የሚጠሩ ወገኖች ይህን ግማሹን ትተውታል።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላይ እንየው። ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ስትወጡ የምትገኝ፣ የስናን ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። እንዲህ ባለች የገበያ ከተማ የሚገኝ ጤና ጣቢያ በገበያ ቀን የሚኖረውን ጫና ማንም ይገምታል። ገብስና ድንች ይዞ የወረደው ገበሬ በዚያው ሕመሙን ሊታይ ይመጣል፤ ከመምሸቱ በፊትም ወደ ቀበሌው መመለስ አለበት። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ወረፋው የሚረዝመው ካርድ ፍለጋ ላይ መሆኑን ያያል፤ አምስት አዲስ መደርደሪያ ቢገዛ ችግሩ ይቀላል ብሎም ያምናል። አንዱ መደርደሪያ 12,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 60,000 ብር ነው። ስለዚህ ካርድ ክፍል የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ ስሌቱን ለማሳየት እኔ የቀመርኳቸው ናቸው፤ የየትኛውም ጤና ጣቢያ መዝገብ አይደሉም።

የተለመደው ምክር ይህን ሠራተኛ በቀጥታ ወደ ንግግሩ ይሰደዋል። እኔ ግን አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን ከሰዓቱ ጋር ቁጭ እንዲል እጠይቀዋለሁ። በየቀኑ 40 ታካሚ ይዞ፣ ካርድ የጠየቁበትንና ካርዱ የተገኘበትን ሰዓት ይመዝግብ። ሲጨርስ ደቂቃዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መካከለኛውን ይውሰድ፤ ሁለት ሰዓት የጠበቀ አንድ ሰው አማካዩን ስለሚያዛባው መካከለኛው ይበልጣል። ሮብ ቀን 22 ደቂቃ፣ በተራ ቀን 7 ደቂቃ ሆነ እንበል። ከሮቡ 40 ካርድ 8ቱ በሰዓቱ አልተገኙም፤ ለባለቤቶቻቸው አዲስ ካርድ ተከፈተ።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይመጣል፤ የጠፉት ስምንት ካርዶች የት እንደነበሩ አንድ በአንድ መከታተል። አምስቱ በላቦራቶሪና በምርመራ ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ተገኙ፣ ሁለቱ ያለ ቁጥራቸው ቦታ ተሰክተው ነበር፣ አንዱ አልተገኘም። ይህ ውጤት ጥያቄውን ከሥሩ ይለውጠዋል። አምስቱን ካርዶች መደርደሪያ አይመልሳቸውም፤ ከክፍሉ የወጡት ተመዝግበው አይደለምና። 60,000 ብር ተፈቅዶ መደርደሪያው ቢቆም እንኳ በሚቀጥለው ሮብ ካርዶቹ ያው በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ፤ ኃላፊዎቹም ያን ሠራተኛ ሁለተኛ አይሰሙትም። ልብ የሚነካው ታሪክ ይህን ስህተት ሊያሳየን አይችልም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል።

በዚህ ቦታ ከሌላ ወገን የሚመጣ ተቃውሞ አለ። ካይዘን ያለ ወጪ የሚሠራ ነው፣ ታዲያ ለአነስተኛ ማሻሻያ ገንዘብ መጠየቅ ለምን አስፈለገ የሚል። ካይዘን በጃፓን ድጋፍ ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ30 ያህል ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ይህ አባባል በየስብሰባው ይሰማል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት ስላለው ልጠቀምበት እወዳለሁ። ከማጣራትና ከቦታ ከማስያዝ የሚጀምረው ሥራ በእርግጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ሠራተኛው በየምሽቱ ከሁሉም ክፍል ካርዶችን መሰብሰብ ይጀምር፣ የተሳሳቱትን በቁጥራቸው ይመልስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና በሮብ ይለካ። መጠበቂያው ከ22 ወደ 15 ደቂቃ ወረደ፣ ያልተገኙት ከ8 ወደ 3 ቀነሱ እንበል። የቀረው ችግር መደርደሪያው ሞልቶ ወለል ላይ የተከመረው ካርድ ነው፤ ለእሱ ሁለት መደርደሪያ ይበቃል። ካርድ ሲወጣ በቦታው የሚገባ መከታተያ ካርድና የቁጥር መለያ 6,000 ብር ቢፈጅ፣ ከመደርደሪያዎቹ 24,000 ብር ጋር ጥያቄው 30,000 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ሐሳብ ግማሽ ነው። ያለ ገንዘብ የሚቻለውን ጨርሶ ቀሪውን የሚጠይቅ ሰው ተቃውሞውን አስቀድሞ መልሶታል።

ከዚህ በኋላ ነው አምስቱ ደቂቃ የሚዘጋጀው፤ ሲዘጋጅም ከጥያቄው ይጀምራል። የቅኔ ሰሚ ወርቁን ሊጠብቅ መጥቷል፤ መጠበቁም የደስታው ክፍል ነው። የሥራ አመራር ቦርድ ግን ብዙ አጀንዳ ይዞ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ምን ልወስን ነው እያለ፣ የፋይናንስ ባለሙያው ከየትኛው ሂሳብ ነው እያለ ነው የሚሰማው። መልሱን እስከ አራተኛው ደቂቃ የሚያቆይ ተናጋሪ አራቱን ደቂቃ ለማይሰማው ሰው ተናግሯል። አጀማመሩ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፤ ለካርድ ክፍላችን ሁለት መደርደሪያና መከታተያ ካርድ መግዣ 30,000 ብር ከውስጥ ገቢያችን እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ። በገበያ ቀን ካርድ ለማግኘት 22 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ያለ ወጪ ባደረግነው ማስተካከያ 15 ደርሷል። በዚህ ግዥ ወደ 8 እናወርደዋለን ብለን እንገምታለን።»

ይህ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የውስጥ ገቢ የሚለው ሐረግ ያለ ምክንያት አልገባም። በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት ጤና ጣቢያዎች የሚሰበስቡትን ገቢ ይዘው በቦርዳቸው ውሳኔ ለአገልግሎት ጥራት እንዲያውሉት ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ቦርዱ በዚህ ገንዘብ ላይ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣን በሌለው ገንዘብ ላይ የሚቀርብለት ጥያቄ ግን የሚያገኘው መልስ «ለበላይ አካል እናቀርባለን» የሚል ነው። ወሩም እንዲሁ ይታሰብ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሰኔ አጋማሽ የቀረበ ጥያቄ ቢፈቀድም ግዥው ላይደርስ ይችላል። የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማውም የሚጸናበት ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ 12,000 የተባለው መደርደሪያ በዚያ ዋጋ አይገኝም።

ከቀሪዎቹ ደቂቃዎች አብዛኛውን ለካርዶቹ አድራሻ እሰጣለሁ። አምስቱ የት ተገኙ፣ ምን አደረግን፣ ምን ቀረ። ታሪክ ያስፈልጋል ለሚሉት ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሊጣራ የሚችል ታሪክ ነው። የደም ግፊት ታካሚ ካርዱ ሲጠፋ የቀድሞ መድኃኒቱና ልኬቱ አብረው እንደሚጠፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ማከልም ተገቢ ነው፤ የጤና ባለሙያ የሆነው የቦርድ አባል ክብደቱን ያውቀዋል።

ብዙ ጥሩ ጥያቄዎች የሚወድቁበት ቦታ ጥቅሙን በብር መተመን ላይ ነው። በሥልጠና የተለመደው ስሌት እንዲህ ይላል። በሮብ ለ100 ታካሚ ከእያንዳንዱ 7 ደቂቃ ቀነስን፣ በዓመት ይህን ያህል ሰዓት ሆነ፣ በደመወዝ ሲባዛ ይህን ያህል ብር አተረፍን። የፋይናንስ ባለሙያው ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። የታካሚው ሰዓት የጤና ጣቢያው ገንዘብ አይደለም፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደመወዝም መደርደሪያ ተገዛም አልተገዛም ይከፈላል። ወደ ካዝና የሚመለስ አንድም ብር የለም። በጥሬ ገንዘብ የሚድነው ለጠፉት ምትክ የሚታተመው ካርድ ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ነው። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል፦ «ይህ ግዥ ገንዘብ አይመልስም፤ የሚመልሰው የታካሚ ጊዜና የሕክምና ታሪክ ነው።» እንዲህ ያለ ሰው ሌሎቹ ቁጥሮቹም ይታመኑለታል።

የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ለቃለ ጉባኤው ነው። ስብሰባው ሐሳቡን ወዶት «ጥሩ ነው፣ በሂደት እናየዋለን» ብሎ ቢለያይ ጥያቄው ወድቋል፤ የሚታወቀውም ቃለ ጉባኤው ውስጥ መጠን፣ የገንዘብ ምንጭና ቀን ባለመኖሩ ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ ፋይናንስ አይከፍልም። ስለዚህ የውሳኔውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ጠያቂው ጽፎ ይዞ ይግባ፦ «ለካርድ ክፍል መደርደሪያና መከታተያ ካርድ በ30,000 ብር ከውስጥ ገቢ እንዲገዛ ተወስኗል፤ አፈጻጸሙ ግዥው በተጠናቀቀ በሁለተኛው ወር ሪፖርት ይደረጋል።» ሰብሳቢው ቃል ይለውጥ ይሆናል፤ ከባዶ ግን አይጀምርም። ከስብሰባው ቀን በፊትም ይህን ወረቀት ለፋይናንስ ባለሙያው ማሳየት ያስፈልጋል። የሂሳብ መደቡ ትክክል ካልሆነ ስህተቱ በቢሮው ቢታረም ይሻላል፤ በጉባኤ ፊት ከተነሳ አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ በሌለበት ገንዘብ አይፈጥርም። የውስጥ ገቢው ለመድኃኒት ግዥ ታስሮ ካለ 30,000 ብሩም ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ትክክለኛው መልስ እንቢታ ነው፤ ቦርዱም አላጠፋም። አንደበት ዋጋ የለውም ማለቴም አይደለም። በዝግታ፣ ጮክ ብሎ፣ ወረቀት ላይ ሳያቀረቅር የሚናገር ሰው ይደመጣል። ግን ይህ በአንድ ምሽት በሰዓት ተይዞ የሚለማመዱት ነገር ነው፤ ልኬቱ ሳምንታት ይፈልጋል።

ሥልጠናውን የምትሰጡ ባልደረቦች፣ ለተሳታፊዎች ከምትሰጡት ሦስት ቀን በሁለቱ ወደ ሥራ ቦታቸው ልካችኋቸው ሰዓት እንዲይዙ አድርጉ። በሦስተኛው ቀን አምስት ደቂቃቸውን ስትሰሙም መጀመሪያ የጻፉትን የውሳኔ ዓረፍተ ነገር ጠይቋቸው።